የማን ትዝታ ነው? ስደትንና ቤተሰብን የሚሥል ወጣት ሠዓሊ መግለጫ

የሠዓሊ መግለጫ ሠዓሊው ስለ ሥራው በራሱ አንደበት የሚጽፈው አጭር ጽሑፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ቃላት ይሆናል፤ ከአንድ ገጽ እንዲያልፍ አይጠበቅም። ዐውደ ርእይ ሲከፈት መግቢያው አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ካታሎግ ካለ እዚያ ይታተማል። ለጋለሪ፣ ለውድድር ወይም ለገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሲገባም ከሥዕሎቹ ፎቶግራፍ ጋር አብሮ ይላካል። የሕይወት ታሪክ ሠዓሊው የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረና የት እንዳሳየ ይናገራል። መግለጫው ግን ምን እንደሚሣል፣ በምን እንደሚሣልና ለምን በዚያ መልክ እንደሚሣል ነው የሚያስረዳው።

ስደትን፣ ትዝታንና ቤተሰብን የሚሥል ወጣት መግለጫ ለመጻፍ ሲቀመጥ ርእሱ ራሱ ያሳስተዋል። ቃላቱ ከባድ ስለሆኑ እነርሱን መጻፍ ብቻ ብዙ የተናገረ ያስመስላል። «ሥራዎቼ ስደትን፣ ትዝታንና ማንነትን ይዳስሳሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ ከማንም ሥዕል ጎን ቢለጠፍ የሚሄድ መሆኑ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ማመልከቻ የሚያነብ ዳኛ እንዲህ ያለውን መስመር አልፎት ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሩ የሸፈነው ዋና ጥያቄም አለ፦ ትዝታው የማን ነው? በሰባት ዓመቱ ከአገሩ ወጥቶ የመንገዱን አቧራ የሚያስታውስ ሰው፣ የወላጆቹን ጉዞ በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ እናቱ ሄዳ እርሱ ከአያቱ ጋር የቀረ ሰው፣ ሦስቱም «ትዝታዬን እሥላለሁ» ሊሉ ይችላሉ። የሚሥሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ያየውን፣ ሁለተኛው የሰማውን፣ ሦስተኛው የሌለውን ሰው ቦታ ነው የሚሥለው። መግለጫው ይህን በግልጽ ካላስቀመጠ ሌላው ሁሉ ይንሳፈፋል።

በዚህ ረገድ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጄከብ ሎረንስ ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። ሎረንስ በ1917 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ተነሥተው ወደ ሰሜን ከፈለሱት እጅግ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ነበሩ። እርሱ ራሱ ያደገው በሰሜን ሲሆን፣ ወደ ኒውዮርኩ የሃርለም ሰፈር የገባው በልጅነቱ ነው። ስለዚህ ፍልሰቱን ሊሥል ሲነሣ በእጁ የነበረው ከቤተሰብና ከጎረቤት የሰማው ነው። የሰማውን እንዳየው አድርጎ አላቀረበም። በ1940 ከሮዘንዋልድ ፈንድ የ1,500 ዶላር ድጋፍ አገኘና በሃርለም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ስለ ፍልሰቱ አነበበ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሥዕል አጭር ማብራሪያ አስቀድሞ ጻፈ፤ መሣሉ የመጣው በኋላ ነው። በማብራሪያዎቹ ዝግጅት በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ሠዓሊ ግዌንዶሊን ናይት አግዛዋለች።

ውጤቱ እያንዳንዳቸው 30 በ46 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ 60 ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው። ሎረንስ በ1941 ሲጨርሳቸው ገና 23 ዓመቱ ነበር። ስድሳውም አንድ ሥራ እንዲመስሉ ሰሌዳዎቹን ደርድሮ፣ አንዱን ቀለም በሚያስፈልግባቸው ሁሉ ላይ ቀብቶ ሲጨርስ ወደ ሚቀጥለው ቀለም ይሻገር ነበር። ዛሬ ግማሾቹ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ግማሾቹ በዋሺንግተኑ ፊሊፕስ ኮሌክሽን ይገኛሉ።

ለመግለጫ ጸሐፊ የሚጠቅመው የማብራሪያዎቹ አጻጻፍ ነው። አንዱ ተባይ የጥጡን ሰብል እንዳጠፋው ይናገራል። ሌላው በጦርነቱ ምክንያት የምግብ ዋጋ በብዙ ቦታ እጥፍ መሆኑን ይገልጻል፤ ሥዕሉ ደግሞ ማዕድ አጠገብ ያሉ እናትና ልጅ ያሳያል። «መከራ» ወይም «ናፍቆት» የሚል ቃል አላስፈለገውም። ያለ ፍርድ በመንጋ ስለሚፈጸም ስቅላት በሚናገረው ሥዕል ላይ እንኳ የሞተ ሰው አይታይም፤ ከባዶ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ገመድና ኩርምት ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ አሉ። ቃሉ ምክንያቱን ይይዛል፣ ሐዘኑን ሥዕሉ ይይዛል። የብዙ ወጣቶች መግለጫ የሚበላሸው ይህ ሥራ ሲገለበጥ ነው፤ ጽሑፉ ያለቅሳል፣ ሥዕሉ ግን ምን እንደሆነ ሳይነገር ይቀራል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ለምሳሌ ያህል የተፈጠረች አንዲት ወጣት ሠዓሊ እንውሰድ። አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ እናቷ ለዓመታት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታለች። የመጀመሪያው ረቂቋ እንዲህ ይላል፦ «ሥራዎቼ በስደት ምክንያት የተበታተኑ ቤተሰቦችን ስሜት የሚዳስሱ ናቸው። ቀለምን በመጠቀም የትዝታን ጥልቀትና የማንነትን ጥያቄ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ተመልካቹ በሥዕሎቼ ውስጥ የስደተኞችን ድምፅ ይሰማል።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ሥዕሎቹን ላላየ ሰው አንድም ምስል አይሰጡም። «ቀለምን በመጠቀም» የማይሥል ሠዓሊ የለም። የመጨረሻው ደግሞ ማንም ያልሰጣትን ውክልና ትወስዳለች፤ የእናቷን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የስደተኞችን ሁሉ ታሪክ ያውቃል ማለት አይደለም። ተመልካቹ ምን እንደሚሰማው መወሰንም የእርሷ ፋንታ አይደለም።

ረቂቁን በቃላት ልዋጭ ማዳን አይቻልም፤ ወደ ሥዕሎቹ መመለስ ያስፈልጋል። የተሻለው መንገድ ሦስት ወይም አራት ሥዕሎች ፊት ቆሞ የሚታየውን ብቻ፣ ለጓደኛ በስልክ እንደሚነገር ያህል መናገርና መቅዳት ነው። ሲቀዳ የሚወጣው ቋንቋ ወረቀት ላይ ከሚመጣው ይልቅ ተጨባጭ ይሆናል። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ነገር «ለምን እንዲህ ሆነ?» እየተባለ ይጠየቃል። ሶፋው ለምን እንዲህ ተዘርዝሮ ተሣለ? ሴትዮዋ ለምን ደብዘዝ አለች? ሸራው ለምን ይህን ያህል ሰፋ? መልስ ያለው ይጻፋል፤ መልስ የሌለው ይተዋል። እንዲያውም መልስ የሌለውን ነገር በትልቅ ቃል መሸፈን መግለጫን ከሚያበላሹት ልማዶች ሁሉ የከፋው ነው።

በዚህ መንገድ የተሠራው ሁለተኛው ጽሑፍ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«የምሥለው እናቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ በነበረበት ጊዜ ከላከችልን ፎቶግራፎች ተነሥቼ ነው። በሁሉም ላይ ሳሎን ውስጥ፣ አበባ ያለበት ትልቅ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ሶፋው የአሠሪዎቿ እንደሆነና ለፎቶ ካልሆነ በቀር እንደማትቀመጥበት የነገረችኝ ከተመለሰች በኋላ ነው። ስትሄድ አምስት ዓመቴ ነበር። ፎቶዎቹን ደጋግሜ ከማየቴ የተነሣ ከፊቷ ይልቅ የሶፋውን አበባ አስታውስ ነበር። ስለዚህ ሶፋውን በወፍራም የዘይት ቀለም፣ አበባውን አንድ በአንድ እሠራዋለሁ፤ እርሷን ግን በቀጠነ ቀለም እሥላትና ሳይደርቅ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ከሥሯ ሸራው ይታያል። ፎቶግራፎቹ በመዳፍ ይያዛሉ። ሥዕሎቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ በልጅነቴ ያ ሳሎን ከቤታችን ሁሉ የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር። ያላየሁትን የቤይሩት ኑሮዋን አልሥልም።»

ስደትም፣ ትዝታም፣ ማንነትም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በስማቸው አልተጠሩም። ይሁን እንጂ አንባቢው ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ፣ ትዝታው በምን በኩል እንደደረሰ ያውቃል። ቀለሙ የሚወፍርበትና የሚቀጥንበት ምክንያት ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር ታስሯል፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማውጣት አይቻልም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወሰኑን ያሰምራል፤ ያላየችውን አየሁ አትልም። እዚህ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ጽሑፉ ያለውን ካላሳየ መግለጫው በሠዓሊዋ ላይ ይመሰክርባታል። ሴትዮዋ እንደ ሶፋው በወፍራም ቀለም የተሣለችበት አንድ ሸራ ካለ፣ ወይ ከዐውደ ርእዩ ይወጣል፣ ወይ ጽሑፉ ይስተካከላል።

ቤተሰብን የሚመለከት መግለጫ ሌላ ሠዓሊ የማይኖርበት ግዴታም አለበት። ታሪኩ የሠዓሊዋ ብቻ አይደለም። እናቲቱ ሰው ቤት መሥራቷ በአደባባይ እንዲጻፍ ላትፈልግ ትችላለች፤ ጎረቤትና ዘመድ «ውጭ ነበረች» ከሚለው በላይ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ጮክ ብሎ ሊነበብላት ይገባል፤ ይህን መስመር አውጪው ካለች ይወጣል። ጉዳዩ ከይሉኝታ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። አሁንም ያለ ወረቀት በሰው አገር የሚኖር ወንድም ካለ ከተማውን፣ የገባበትን ዓመትና መንገዱን መጻፍ ሊጎዳው ይችላል፤ የዐውደ ርእይ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ማጥፋቱ አስቸጋሪ ነው። «ወንድሜ» ማለት ይበቃል። ስሙም ሆነ ፊቱ ሳይታይ ሥዕሉ ሥዕል ሆኖ ይቆማል፤ ሎረንስ የተሰቀለውን ሰው ሳይሥል ስቅላቱን ማሳየት ችሏል።

ጽሑፉ ማለቁን ለማወቅ ሥዕሎቹን ላላየ ሰው አንብቦ፣ ምን ያያል ብሎ የጠበቀውን እንዲናገር ማድረግ ይጠቅማል። ሶፋ፣ ደብዛዛ ሴት፣ ትልቅ ሸራ ካለ ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል። «የሚያሳዝን ነገር» ብቻ ካለ ገና ነው። የፈላስፎችን ስም መደርደር፣ «ልዩ» እና «ጥልቅ» እያሉ ራስን ማድነቅ በዚህ ፈተና ወዲያው ይራገፋሉ፤ ሰሚው አንዳቸውንም አያስታውስም።

ከ300 ቃላቱ ጽሑፍ አጠር ያሉ ሌሎች ሁለት ይወጣሉ፦ ለማመልከቻ ቅጽ የሚሆን 100 ቃላት ያህል፣ ለግብዣ ወረቀት የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው አጠቃላይ አስተያየት ነው እንጂ ሶፋውና ፎቶግራፉ አይደለም። ወደ ውጭ ለሚላክ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ የሚጻፈውም ከእነዚሁ ነገሮች ይነሣል፤ ለውጭ አንባቢ ሲባል የአገር ታሪክ ትምህርት እንዲሆን ማድረግ አይገባም። መግለጫው የተጻፈው ለእነዚህ ሥዕሎች ስለሆነ ቀኑ ከሥሩ ይጻፍበታል። ሠዓሊዋ ከፎቶግራፎቹ ወጥታ፣ ለምሳሌ እናቷ ከተመለሰች በኋላ ያለውን ኑሮ መሣል ስትጀምር፣ አሮጌው ከአሮጌዎቹ ሥዕሎች ጋር ይቀመጣል፤ ለአዲሶቹ አዲስ ይጻፋል።