በቦንድ ዋጋ ውስጥ ያሉ ወለዶች

የ3 ዓመት ቦንድ አንድ ውል ቢሆንም የሚከፍለው ሦስት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት ኩፖን የሚባለውን ወለድ፣ በሦስተኛው ደግሞ የመጨረሻውን ኩፖን ከዋናው ገንዘብ ጋር። ገበያ ላይ የሚታየው ግን የሦስቱ ድምር ዋጋ ብቻ ነው። ከዚህ ድምር ይልድ የሚባል አንድ መጠን ይሰላል። ይልድ ሦስቱንም ክፍያዎች በአንድ ወለድ ስለሚመዝን፣ ለ1 ዓመት የተበደረ መንግሥት ስንት እንደሚከፍልና ለ3 ዓመት የተበደረ ስንት እንደሚከፍል ለይቶ አያሳይም። የሚለየው ስፖት የተባለው ወለድ ነው፦ ዛሬ ተሰጥቶ፣ በመካከል ምንም ሳይከፈልበት፣ በአንድ የተወሰነ ቀን ብቻ የሚመለስ ገንዘብ የሚያስገኘው ወለድ።

ኩፖን ከሚከፍሉ ቦንዶች ስፖትን ለማግኘት ከአጭሩ ተነስቶ ወደ ረጅሙ ደረጃ በደረጃ መውጣት ያስፈልጋል፤ ይህ ዘዴ ቡትስትራፒንግ ይባላል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ቦንዶች ኩፖን የሚከፍሉት በየ6 ወሩ ነው፤ እዚህ ስሌቱ እንዲቀል ክፍያው በዓመት አንዴ እንደሆነ ይወሰድ፣ ዋጋዎቹም ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው።

ከዓመት በኋላ 100 ዶላር የሚከፍል፣ ኩፖን የሌለው ሰነድ ዛሬ 96 ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ ከዓመት በኋላ የሚገኝ 1 ዶላር ዛሬ 0.96 ያወጣል፤ የ1 ዓመት ስፖትም 4.17 በመቶ ነው። ቀጥሎ በዓመት 5 ዶላር ኩፖን የሚከፍል የ2 ዓመት ቦንድ አለ፤ ዋጋው 100.35 ነው። የመጀመሪያው ኩፖን የዛሬ ዋጋ አሁን ይታወቃል፦ 5 ሲባዛ በ0.96፣ ማለትም 4.80። ይህ ከዋጋው ሲቀነስ 95.55 ይቀራል፤ የቀረውም በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሚከፈለው የ105 ዶላር ዋጋ ነው። 95.55 ለ105 ሲካፈል 0.91 ይሆናል፤ የ2 ዓመት ስፖት 4.83 በመቶ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቦንድ በዓመት 6 ዶላር ይከፍላል፤ ዋጋው 101.85 ነው። ሁለቱ ቀዳሚ ኩፖኖች በ0.96 እና በ0.91 ተባዝተው 11.22 ይሆናሉ። የቀረው 90.63 ለ106 ሲካፈል 0.855 ይሰጣል፤ ስፖቱም 5.36 በመቶ ነው። የዚሁ ቦንድ ይልድ 5.32 በመቶ ነው። ቀዳሚዎቹ ኩፖኖች ዝቅተኛ ወለድ ካለባቸው ዓመታት ስለሚመጡ ይልዱን ትንሽ ወደ ታች ስበውታል።

ፎርዋርድ የተባለው ወለድ የሚገኘው ከእነዚሁ ማባዣዎች ነው። ከሁለተኛው ዓመት መጨረሻ እስከ ሦስተኛው የሚዘልቀው የአንድ ዓመት ፎርዋርድ 0.91 ለ0.855 ሲካፈል ይገኛል፦ 1.0643፣ ማለትም 6.43 በመቶ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ዓመት ያለውም በዚሁ መንገድ 5.49 በመቶ ይሆናል። እነዚህ መጠኖች በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። አንድ ነጋዴ በ2 ዓመት 100 ዶላር ለመክፈል ቃል ገብቶ ዛሬ 91 ዶላር ቢበደር፣ በዚያም 91 ዶላር በ3 ዓመት 106.43 የሚከፍል ሰነድ ቢገዛ፣ ዛሬ ከኪሱ ምንም አያወጣም። የወደፊቱን የአንድ ዓመት ብድር በ6.43 በመቶ ከወዲሁ ቆርጦታል። ይህ ማለት ግን ገበያው ከ2 ዓመት በኋላ ወለዱ 6.43 ይሆናል ብሎ ተንብዮአል ማለት አይደለም፤ ገንዘባቸውን ለረጅም ጊዜ የሚያስሩ ሰዎች የሚጠይቁት ተጨማሪ ክፍያም በውስጡ አለበት።

ስህተት ጎልቶ የሚታየው እዚሁ ፎርዋርዱ ላይ ነው። የ3 ዓመቱ ቦንድ ዋጋ በ30 ሳንቲም አንሶ 101.55 ተብሎ ቢገባ፣ ስፖቱ ከ5.36 ወደ 5.48 ይወጣል፤ ፎርዋርዱ ግን ከ6.43 ወደ 6.79 ይዘላል፣ ሦስት እጥፍ ያህል። ስፖቱ ስህተቱን በሦስት ዓመት ላይ ሲያካፍል ፎርዋርዱ ሙሉውን በአንድ ዓመት ይሸከመዋል። 30 ሳንቲም ደግሞ በቀላሉ ትስታለች። በአሜሪካ የሚጠቀሰው የቦንድ ዋጋ ካለፈው ኩፖን ወዲህ የተጠራቀመውን ወለድ አያካትትም፤ ገዢው ግን ይከፍለዋል። በ6 በመቶ ኩፖን የ18 ቀን ወለድ ብቻ ወደ 30 ሳንቲም ይጠጋል። ጥርጣሬ ሲኖር ፎርዋርዶቹን በተርታ ማየት ይበጃል፤ ከጎረቤቶቹ ነጥሎ የወጣ ካለ ወይም አንዱ ማባዣ ከቀዳሚው በልጦ ፎርዋርዱ ከዜሮ በታች ከወረደ፣ በቅድሚያ መመርመር ያለበት የገባው ዋጋ ነው። ለማመሳከሪያም ስትሪፕስ የሚባሉት ሰነዶች አሉ፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ1985 የጀመራቸው ሲሆኑ የቦንድ ኩፖኖችና ዋና ገንዘብ ተለያይተው ለየብቻ የሚሸጡባቸው ናቸው። በስሌት የተገኘው 0.855 ከ3 ዓመቱ ስትሪፕ ዋጋ ጋር ተቀራርቦ መገኘት አለበት።