የጉዞው መስመር ሲያልቅ

ደሴ አካባቢ ከሴት አርሶ አደሮች ጋር የሚሠራ አንድ ሀገር በቀል ድርጅት እንውሰድ። ድርጅቱ ለማስረጃ የተፈጠረ ነው፤ የገጠመው ችግር ግን በየፋይናንስ ክፍሉ ያለ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ለሦስት ዓመት ፕሮጀክት የሚሆን ገንዘብ አግኝቷል። የፋይናንስ ኃላፊዋ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሂሳብ ሰንጠረዡን ስትከፍት ሁለት ነገር ታያለች። የደመወዙ መስመር ላይ ብዙ ገንዘብ ተርፏል፤ የጉዞው መስመር ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቀር ባዶ ሊሆን ተቃርቧል።

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጀቱ የተጻፈው በዩሮ፣ ደመወዝ የሚከፈለው በብር ስለሆነ ያው ደመወዝ በዩሮ ሲሰላ አነሰ። በጉዞ በኩል ግን ነገሩ ተቃራኒ ሆነ፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ባለሙያዎቹ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መመላለስ ጀመሩ፣ የኪራይ መኪናም ተወደደ። እስከ ፕሮጀክቱ ማብቂያ 9,000 ዩሮ ያስፈልጋል። ደመወዝ ላይ ያለው ትርፍ ይህን ሸፍኖ ይተርፋል። ታዲያ ከዚያ አንስቶ እዚህ መጠቀም ምን ይከለክላል?

በአውሮፓ ኅብረት የበጀት ቅጽ ወጪ በዋና ዋና ርዕሶች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ የሰው ኃይል፣ ጉዞ፣ መሣሪያና ዕቃ፣ የአካባቢ ጽሕፈት ቤት፣ ሌሎች ወጪዎችና አገልግሎቶች እያለ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ደግሞ ዝርዝር መስመሮች አሉ። የበጀት ዝውውር ሕጉ የሚጀምረው ከዚህ አከፋፈል ነው። በአንድ ርዕስ ሥር ካለው መስመር ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከመኪና ኪራይ ወደ አውሮፕላን ትኬት ማዘዋወር ቅድመ ፈቃድ አይጠይቅም። የፕሮጀክቱን ውጤት እስካልነካ ድረስ ድርጅቱ ራሱ ወስኖ፣ ቢዘገይ በሚቀጥለው ሪፖርቱ በጽሑፍ ያሳውቃል። ከአንዱ ዋና ርዕስ ወደ ሌላው ሲሆን ግን ገደብ አለ፤ ለውጡ ከ25 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ነው። 25 በመቶ የምኑ? ብዙዎች የጠቅላላ በጀቱ ይመስላቸዋል፤ ገንዘብ የሚቀነስበትን ርዕስ ብቻ አይተው የሚያልፉም አሉ። ውሉ የሚለው ግን ለውጡ የሚነካው እያንዳንዱ ዋና ርዕስ በመጀመሪያ ከተመደበለት ገንዘብ አንጻር ይለካ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ለየብቻ ይለካሉ።

የኃላፊዋ ሂሳብ እንዲህ ነው። ለሰው ኃይል የተመደበው 200,000 ዩሮ፣ ለጉዞ የተመደበው 30,000 ዩሮ ነው። 9,000ው ዩሮ ከሰው ኃይል ሲቀነስ 4 ነጥብ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ምንም አይደለም። ጉዞ ላይ ሲጨመር ግን 30 በመቶ ይሆናል። ጉዞ ያለ ፈቃድ መቀበል የሚችለው 7,500 ዩሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቀሪው 1,500 ዩሮ ሲባል አስቀድሞ ውሉ መሻሻል አለበት። ትንሹ ርዕስ ቶሎ ይሞላል፤ ትልቁ ላይ ብቻ ያፈጠጠ ሰው ይህን ሳያየው ያልፋል።

ሌላው ወጥመድ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ማዘዋወር ነው። በስምንተኛው ወር 5,000፣ በሃያኛው ወር 4,000 ዩሮ ቢዛወር እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከገደቡ በታች ናቸው። መለኪያው ግን በውሉ ላይ ያለው የመጀመሪያው በጀት እንጂ ባለፈው ዝውውር የተስተካከለው አይደለም። ሁለቱ ተደምረው አሁንም 30 በመቶ ናቸው። ለዚህ የሚበጀው በሰንጠረዡ ላይ የውሉን በጀት ሳይነኩ የሚያቆዩ አንድ ዓምድ፣ ከጎኑም ዝውውሮቹ ሁሉ የሚደመሩበት ሌላ ዓምድ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ደምስሶ በላዩ አዲሱን የሚጽፍ ሰው መለኪያውን ያጣል።

ገደቡ እስካልታለፈ ድረስ በማናቸውም ርዕሶች መካከል ማዘዋወር ይቻላል ማለትም አይደለም። የተዘዋዋሪ ወጪ ድርሻ በዚህ መንገድ አይነካም። ለመጠባበቂያ የተያዘው ገንዘብም መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ የሚከፈተው በቅድሚያ በተገኘ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። ገንዘቡ ባይንቀሳቀስ እንኳ ሥራው ራሱ ሲቀየር፣ ማለትም ለሥልጠና የታሰበው ገንዘብ ለግንባታ ሲውል፣ ጉዳዩ ከመቶኛ ወጥቶ የውል ጉዳይ ይሆናል። ድርጅቱ ገንዘቡን ያገኘው ከሌሎች አመልካቾች ጋር ተወዳድሮ ነው። ያሸነፈበትን ሐሳብ ካሸነፈ በኋላ መለወጥ ለተሸነፉት ፍትሐዊ ስለማይሆን፣ ለጋሹ ራሱ ሊፈቅድ ቢፈልግ እንኳ የሚችለው በልክ ነው።

ለኃላፊዋ የቀረው የውል ማሻሻያ፣ በየቢሮው አዴንደም የሚባለውን መጠየቅ ነው። ጥያቄው ለውጡ ሥራ ላይ እንዲውል ከታሰበበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ መድረስ አለበት። ደብዳቤዋ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የበረራው ብዛትና የኪራዩ ዋጋ በቁጥር ይገለጻል፤ የድሮው በጀት፣ ለውጡና አዲሱ በጀት ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ይያያዛል፤ ደመወዝ መቀነሱ ሠራተኛ እንደማያጎድል፣ የሚሠለጥኑት ሴቶች ቁጥርም እንደማይነካ በግልጽ ይጻፋል። ጥያቄው ተመላልሶ የሚጓተተው ብዙ ጊዜ ይህ የመጨረሻው ሲጎድል ነው። ለጋሹ ከምንም በፊት ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ የተነሣበት ሥራ ምን እንደሚሆን ነው።

በዚህ መሃል የፕሮጀክቱ ተከታታይ በስልክ «ችግር የለውም፣ ቀጥሉ» ሊላት ይችላል። በቅን ልቦና ያለው ነው፤ ነገር ግን ውሉን የሚያሻሽለው የተዋዋዮቹ ፊርማ እንጂ የእሱ ቃል አይደለም። የመጨረሻውን ወጪ የሚያጣራው ኦዲተር የስልኩን ወሬ አያውቅም። በጀቱንና የወጣውን ርዕስ በርዕስ ያስተያያል፤ ከ7,500 በላይ የወጣውን ዩሮ «ተቀባይነት የሌለው ወጪ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ያን ጊዜ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ጉዞው ተደርጓል፣ ደረሰኙም ትክክል ነው፤ ክፍያው ግን ድርጅቱ ላይ ይወድቃል። ሌላ ገቢ ለሌለው ትንሽ ድርጅት 1,500 ዩሮ የአንድ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው።

አንዱን ለጋሽ የለመደ ሰው ሌላው ጋ ሲሄድ ሕጉን እንደ አዲስ ማንበብ ይኖርበታል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለምሳሌ ከፍ ባሉ ድጋፎች ላይ በቀጥታ ወጪ ዘርፎች መካከል የሚደረጉ ዝውውሮች ተደምረው ከጠቅላላ በጀቱ 10 በመቶ ሲያልፉ ቅድመ ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ። እዚያ መለኪያው ጠቅላላ በጀቱ ስለሆነ በ500,000 ዶላር ድጋፍ ላይ የ9,000 ዶላር ዝውውር በዚህ ገደብ አይያዝም። በአንጻሩ ለሥልጠና ተሳታፊዎች አበልና ትራንስፖርት የተያዘውን ገንዘብ ወደ ሌላ ዘርፍ ማዛወር፣ መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል።

የደሴው ማሻሻያ ሲፈረም የጉዞ በጀት 39,000 ዩሮ ይሆናል፤ መለኪያውም አብሮ ይታደሳል። ከዚያ ወዲያ 25 በመቶው የሚሰላው ከ39,000 ስለሆነ ድርጅቱ እስከ 9,750 ዩሮ ድረስ በራሱ መጨመር ይችላል። ማሻሻያው የሚጸናው ግን የመጨረሻው ፊርማ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ነው። ኃላፊዋም እስከዚያ ድረስ የጉዞውን ወጪ ከ37,500 ዩሮ እንዳያልፍ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በላይ የሚወስደውንም የኮምቦልቻ በረራ ፊርማው እስኪደርስ አቆይታዋለች።