ከቅንፉ ፊት ያለችው ሰረዝ

በሀገራችን አንድ ተማሪ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ሲገባ ግን የሚያስበውም የሚጠይቀውም ባደገበት ቋንቋ ነው። ማታ ማታ በቴሌግራም ወደ ታላቅ ወንድም፣ ወደ አክስት ወይም ወደ አስጠኚ የሚላከው የወርክሺት ፎቶም ስለዚህ ድርብ ሥራ ይዞ ይመጣል። ሒሳቡ ይሠራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደተወሰደ በአማርኛ ይነገራል። የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ፎቶው እንደደረሰ መጀመሪያ የሚታየው የገጹ ራስ ነው። ብዙ ተማሪ ጥያቄውን ብቻ አንስቶ ከላይ ያለውን ትእዛዝ ይቆርጠዋል። ትእዛዙ «ሶልቭ» ከሆነ የኤክስ ዋጋ ይፈለጋል፤ «ሲምፕሊፋይ» ከሆነ ግን አገላለጹን ማሳጠር ብቻ ነው። 5 − 2(x − 3) አጥሮ 11 − 2x ሲሆን ሥራው አልቋል። ትእዛዙን ያላየ ልጅ ግን ከራሱ «እኩል ይሆናል ዜሮ» ጨምሮ x = 5.5 ይልና ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ሌላው አደጋ ጥላ ነው፤ ጥላ ያረፈበት ፎቶ ላይ የመቀነስ ምልክት በቀላሉ ይጠፋል፣ የ x² ትንሿ 2ም ወርዳ x2 ትመስላለች። ስለዚህ ከመሥራት በፊት ተማሪዋ ጥያቄውን በድምፅ መልእክት አንብባ እንድትልክ ማድረግ ይበጃል። ምልክቷን ዘላ ካነበበች ችግሩ የት እንደሚጀምር ያኔውኑ ይታወቃል።

እንበል ትእዛዙ «ሶልቭ» ነው፤ ጥያቄውም ይህ ነው፦

5 − 2(x − 3) = 3x + 1

የተማሪዋ ሥራ ከሥሩ በእርሳስ ተጽፏል፦ 3(x − 3) = 3x + 1፣ ከዚያ 3x − 9 = 3x + 1፣ ከዚያ −9 = 1። ከፎቶው ጋርም «ቲቸር፣ መልስ የለውም ማለት ነው?» የሚል መልእክት አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሌላቸው እኩልታዎች በእርግጥ አሉና። እዚህ ግን መልሱ የጠፋው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፤ ከ5 ላይ 2 ቀንሳ 3 አደረገችው። ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ስህተቱ ተፈጥሯዊ ነው። ግን 2 ብቻውን የቆመ ቁጥር አይደለም፤ የቅንፉ አባዥ ነው። በአማርኛ «ከ5 ላይ፣ የ(x − 3)ን ሁለት እጥፍ ቀንሺ» ተብሎ ሲነገር የሚቀነሰው ምን እንደሆነ ይጠራል። 2 አይደለም፣ የዚያ ቅንፍ እጥፍ ነው። እጥፉ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ከ5 ላይ ምንም ሊነሳ አይችልም።

እጥፉ 2x − 6 ነው። አሁን ይህን በሙሉ ከ5 ላይ እንቀንሳለን፤ ብዙ ልጅ የሚሰናከለውም እዚሁ ነው። «ኔጌቲቭ ሲባዛ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚለውን ሕግ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ማስረዳት ይቻላል፦ 2x ብቻ ብንቀንስ ኖሮ 6 አብልጠን ቀንሰናል ማለት ነው፤ የተባልነው ከ2x በ6 የሚያንስ ነገር እንድንቀንስ ነበር። ያበለጥነውን 6 መመለስ አለብን። ስለዚህ 5 − 2x + 6፣ ማለትም 11 − 2x ይሆናል። ሕጉን የሸመደደ ይረሳዋል፤ «ያበለጥኩትን ልመልስ» ያለ ግን ሰረዟን ባየ ቁጥር ቆም ይላል።

አሁን 11 − 2x = 3x + 1 ላይ ደርሰናል። ክፍል ውስጥ እንደሚባለው «−2x ወዲያ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል»። አባባሉ ያፈጥናል፣ ግን እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። ማንም የሚሻገር የለም፤ በሁለቱም በኩል 2x ስለደመርን በግራ ያለው ጠፋ፣ በቀኝ ያለው 5x ሆነ፦ 11 = 5x + 1። ከሁለቱም 1 ሲቀነስ 10 = 5x። (አል ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ሆኖ አልጀብራን ሲያስተምር ይህንኑ ተቀናሹን በሁለቱም ወገን የመመለስ እርምጃ ያለ አንድ ምልክት በቃላት ብቻ ነበር የጻፈው።) «መሻገር»ን ብቻ የያዘ ተማሪ የሚጋለጠው 10 = 5x ላይ ነው፤ 5ንም አሻግሮ 10 − 5 = x ይልና 5 ያገኛል። 5 ግን ከ x ጋር ተባዝቷል እንጂ አልተደመረም፤ ሁለቱም ወገን ለ5 ይካፈላል፣ x = 2።

ማረጋገጫው አጭር ነው። በግራ 5 − 2(2 − 3) = 5 + 2 = 7፤ በቀኝ 3 × 2 + 1 = 7። ገጠመ።

እዚያው ወርክሺት ታች በቃላት የቀረበ ጥያቄ ይኖራል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ከአንድ ቁጥር እጥፍ 5 ሲቀነስ 11 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል። እንግሊዝኛው 5ን አስቀድሞ ስለሚጠራ ልጆች እንደሰሙት 5 − 2x = 11 ብለው ይጽፋሉ። የአማርኛው ቅደም ተከተል ግን ከሒሳቡ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ መጀመሪያ እጥፉ፣ ከዚያ ተቀናሹ፦ 2x − 5 = 11። በሁለቱም 5 ሲደመር 2x = 16፣ x = 8። የተሳሳተው እኩልታ ደግሞ x = −3 ይሰጣል፤ ተንኮሉም −3ን በዚያው እኩልታ ብንሞክረው 5 + 6 = 11 ሆኖ መግጠሙ ነው። በቃላት የተጻፈ ጥያቄ መልሱ የሚፈተነው ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ ነው፦ የ−3 እጥፍ −6፣ ከዚያ ላይ 5 ሲቀነስ −11። ጥያቄው 11 ነበር ያለው።

ማስረዳቱ ሲያልቅ ተማሪዋ ብቻዋን የምትሠራው አንድ ጥያቄ ይላክላታል። እዚህ ላይ አስጠኚው ራሱ መጠንቀቅ አለበት። ለምሳሌ 7 − 3(x − 2) = x + 1 ጥሩ ይመስላል፤ መልሱ 3 ነው። ነገር ግን ያንኑ የቀድሞ ስህተት ደግማ 7 − 3ን 4 ብታደርግም 4x − 8 = x + 1 ይሆንና x = 3 ታገኛለች። ማረጋገጫውም ይገጥማል። ምክንያቱ x 3 ሲሆን ቅንፉ 1 መሆኑ ነው፤ በ1 ማባዛት ደግሞ ምንም ስለማይለውጥ ትክክለኛውና የተሳሳተው መንገድ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በምትኩ 7 − 3(x − 4) = x + 3 ይላካል። በትክክል ከተሠራ x = 4 ነው፤ 3ን ከ7 ላይ ቀድማ ከቀነሰች 3x = 19 ላይ ትደርሳለች፤ ምልክቱን ከሳተች ደግሞ −2 ታገኛለች። የትኛው መልስ እንደመጣ በማየት ብቻ የትኛው መስመር እንደገና መነገር እንዳለበት ይታወቃል።