የሕፃን የሽንት ጨርቅ በለስላሳ ሳሙና በደንብ ይጠራል?

የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሽቶና ቀለም የሌለውን ለስላሳ ሳሙና እንመርጣለን። ምርጫው ጥሩ ነው። ችግር የሚመጣው በመጠኑ ላይ ነው። አንዳንዶቻችን “ለስላሳ ነው፣ ጀርም አያስለቅቅም” ብለን እናበዛዋለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ቆዳውን እንዳይጎዳ ብለን እናሳንሰዋለን። ሲበዛ ሳሙናው ራሱ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ ሲያንስ እድፉ ይቀራል።

የሳሙና ሥራ እድፉን ከክሩ ማላቀቅ ነው። የተላቀቀውን ይዞ የሚሄደው ውሃ ሲሆን፣ ከተረፉት ጀርሞች አብዛኞቹን የሚገድለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ሙቀቱና ማለቅለቁ በቂ ከሆኑ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአራት ወር ሕፃን ያላቸው ወላጆች በጨርቅ ዳይፐር ይጠቀማሉ እንበል። ጨርቁ ታጥቦ ሲደርቅ ምንም አይሸትም። ሕፃኑ በሸናበት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግን ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይወጣል፤ ጭኑም ቀልቷል። እናት “ሳሙናው ከብዶበት ነው” ብላ መጠኑን በግማሽ ትቀንሳለች። ከሳምንት በኋላ ሽታው ይብሳል።

አዲስ ሽንት እንዲህ አይሸትም። ያ ሽታ አሞኒያ ነው፤ ጨርቁ ውስጥ የቀሩ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሲሰባብሩት ይፈጠራል። አሞኒያው ቆዳንም ያስቆጣል። ሌሊቱን ሙሉ የቆየ ዳይፐር ጠዋት ትንሽ ቢሸት ግን የተለመደ ነው።

የቀረው ሳሙና ይሁን እድፍ ለመለየት፣ የታጠበውን አንድ ጨርቅ ንጹሕ የሞቀ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል በእጅ እሹት። ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ካወጣ ሳሙና ቀርቷል፤ አረፋው እስኪጠፋ ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። አረፋ ሳይኖር ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ የቀረው እድፍ ነው። በምሳሌያችን ቤት ውሃው ደፈረሰ እንጂ አረፋ አላወጣም። ስለዚህ መፍትሔው ሳሙናውን መቀነስ ሳይሆን ወደ ሙሉ መጠኑ መመለስ ነው።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። ሰገራውን ወደ ሽንት ቤት አራግፉ፤ ጨርቁን ሳትዘፈዝፉ አየር በሚያገኝ ባልዲ አቆዩት፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ለአጭር ጊዜ አለቅልቁት፤ ሙቅ ውሃ የሰገራን እድፍ ያጣብቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ የጣሪያ ታንከር ውሃ ከ“ቀዝቃዛው” ቧንቧም ሞቆ ስለሚወጣ፣ ይህን በማለዳ ማድረግ ይሻላል።

ከዚያ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በረጅሙ የጥጥ ፕሮግራም እጠቡ። ሳሙናው ፓኬቱ በጣም ለቆሸሸ ልብስ ያዘዘው መጠን ይሁን። ማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ማዕድን ይበዛበታልና ለዚያ ዓይነት ውሃ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ። ማሽኑን እስከ አፉ አትሙሉት። በመጨረሻም አንድ ተጨማሪ ማለቅለቂያ ጨምሩና ጨርቁን ፀሐይ ላይ ወይም በማድረቂያ ሙሉ በሙሉ አድርቁት።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ብዙ ማሽኖች ሙቅ ውሃ የሚወስዱት ከቤቱ ማሞቂያ ነው። ማሞቂያው በተለምዶ እንደሚመከረው 120 ፋራናይት ላይ ከሆነ፣ ውሃው 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ብቻ ነው። ማሽናችሁ ውሃውን ራሱ የሚያሞቅ ፕሮግራም ካለው ለሽንት ጨርቁ እሱን ምረጡ።

የዘወትር የሕፃን ልብስ በ40 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ሰገራ ወይም ትውከት የነካውን ጥጥ ልብስ ግን ምልክቱ ከፈቀደ ከሽንት ጨርቁ ጋር እጠቡት። ውሃ የማያሳልፈው የላስቲክ ሽፋን ብዙ ሙቀት ላይችል ስለሚችል ምልክቱን እዩ። የልብስ ማለስለሻ ክሩን ስለሚሸፍነው ጨርቁ ሽንት መምጠጡን ይቀንሳል፤ ተዉት። በረኪና ሽንት የነካው ጨርቅ ላይ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አታፍስሱ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ለውጥ ስታደርጉ አንዱን ብቻ ቀይሩ፤ መጠኑን ወይም ሙቀቱን። ከሦስት እጥበት በኋላ የሳህኑን ሙከራ ድገሙት፤ የቱ እንደሠራ ታውቃላችሁ። ውሃው ጠርቶ ሳለ የሕፃኑ ቅላት በጥቂት ቀናት ካልለቀቀ ወይም ቁስል ካወጣ፣ ምክንያቱ እጥበቱ ላይሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።