ፓስፖርቱ ወደ ጓዳ ሲገባ

ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ ደርሳለች እንበል። ሌሊቱን በአውሮፕላን አሳልፋለች፤ የክፍሉንም ሂሳብ አስቀድማ ከፍላለች። እንግዳ ተቀባዩ ግን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት የሦስቱንም ፓስፖርት ሰብስቦ ኮፒ ሊያደርግ ወደ ጓዳ ይገባል። ፓስፖርት ከዓይን ሲርቅ ልብ አይረጋም፤ «ከፍለን የለም ወይ?» ብትል አይፈረድባትም።

ጉዳዩ ከክፍያው ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው የጣሊያን የሕዝብ ደኅንነት ሕግ አንቀጽ 109፣ መታወቂያ ያላሳየ ሰው እንዳያድር ይከለክላል። የእንግዶቹ ዝርዝርም በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ መድረስ አለበት፤ ቆይታው ከአንድ ቀን ካነሰ ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ። ሳያሳውቅ የቀረ ባለ ሆቴል በወንጀል ይጠየቃል። ግዴታው ጣሊያናዊውንም ይጨምራል፤ ከሚላኖ የመጣው እንግዳም መታወቂያውን ያሳያል።

ዝርዝሩ የሚላከው በፖሊስ ድረ ገጽ በኩል ነው። እናትየዋ የቤተሰቡ ተጠሪ ሆና ትመዘገባለች፤ ስሟ፣ ፆታዋ፣ የትውልድ ቀንና አገሯ፣ ዜግነቷ፣ የፓስፖርቷ ቁጥርና የወጣበት አገር ይሞላል። ልጆቹ በእሷ ሥር ስለሚገቡ የፓስፖርት ቁጥራቸው አይሞላም፤ የቀረው ዝርዝር ግን ያስፈልጋል።

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሲሆን ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ስለዚህ ከአፍ የተነገረው ሳይሆን ፓስፖርቱ ላይ የታተመው መገልበጥ አለበት። በፎቶው ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች የላይኛው፣ የቤተሰቡን ስም ከሌላው በ`<<` ምልክት ይለያል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 5 ቀን 1970 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ፓስፖርቷ ላይ የሚነበበው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1977 ነው። ከድካም የተነሳ በአገር ቤቱ አቆጣጠር ብትናገር መዝገቡና ፓስፖርቱ አይገጥሙም።

ታዲያ ኮፒው ለምን? ሕጉ የሚፈልገው መታወቂያውን ማየትንና ዝርዝሩን መላክን ነው። ኮፒው የሚያገለግለው ሠራተኛውን ነው፤ ከኋላ የተሰለፈውን እንግዳ ሳያስጠብቅ ቆይቶ ይሞላበታል። ደንቡ ግን ዝርዝሩ ተልኮ የፖሊስ ደረሰኝ እንደተገኘ ወረቀቱ እንዲወገድ ያዛል፤ ለ5 ዓመት የሚቀመጠው ደረሰኙ ብቻ ነው። ይህን ሆቴሎች አክብረው ሊይዙት ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በጋ ከጣሊያን ሆቴሎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የመታወቂያና የፓስፖርት ምስሎች ተሰርቀው በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርበዋል።

እናትየዋ እንግዲህ ሁለት ነገር ብትጠይቅ መብቷ ነው፤ ዝርዝሩ እዚያው ፊቷ ተሞልቶ ፓስፖርቶቹ ወዲያው እንዲመለሱላት፣ ኮፒ ከተወሰደም መቼ እንደሚወገድ እንዲነገራት። ፎቶውን በስልክ መልእክት ላኪ ካሏት ደግሞ እምቢ ብላ ፓስፖርቱን በእጇ ታሳይ።