ኪራይና ዱቄት በአንድ ዳቦ ቤት ሂሳብ

ዳቦ ቤት አንድ ቀን ሥራ ቢያቆም ዱቄቱ በጆንያው እንዳለ ይቆያል፤ በማግስቱ ይቦካል፣ ይጋገራል፣ ይሸጣል። የዚያ ቀን ኪራይ ግን አይመለስም። ሁለቱም ከአንድ ካዝና የሚወጡ ብሮች ስለሆኑ ብዙ ነጋዴ በወሩ መጨረሻ በአንድ ደምሮ ያያቸዋል። የሂሳብ ባለሙያዎች ግን ኪራይን ቋሚ ወጪ፣ ዱቄትን ተለዋዋጭ ወጪ ብለው ይለያሉ። ይህ ልዩነት የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ይመስለኛል። ዋጋ ሲተመን፣ ትእዛዝ ሲመጣ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ትክክለኛው ውሳኔ የሚገኘው ሁለቱን ለያይቶ በማየት ነው። ደምሮ የሚያይ ነጋዴ የሚያተርፈውን ሥራ እምቢ ሊል፣ የሚያከስረውን ደግሞ ሊቀበል ይችላል።

ነገሩን በአንድ ዳቦ ቤት እንየው፤ ዋጋዎቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። ከአንድ ኩንታል ፉርኖ ዱቄትና ከ60 ሊትር ገደማ ውሃ 160 ኪሎ ያህል ሊጥ ይወጣል። ሊጡ ምድጃ ውስጥ ከክብደቱ አንድ አስረኛ በላይ ስለሚቀንስ 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ 1,400 ያህል ይገኛል። ኩንታሉ 8,400 ብር ከሆነ በእያንዳንዱ ዳቦ ውስጥ 6 ብር ዱቄት አለ ማለት ነው። እርሾ፣ ጨው፣ ዘይትና ማገዶ 2 ብር ቢጨምሩ ወጪው 8 ብር ይሆናል። ዳቦው በ12 ብር ሲሸጥ 4 ብር ይተርፋል፤ ይህ 4 ብር ግን ገና ትርፍ አይደለም። በወር 45,000 ብር ኪራይ፣ ለጋጋሪ፣ ለሻጭና ለጥበቃ 60,000 ብር ደመወዝ፣ ለልዩ ልዩ ነገር 15,000 ብር፣ በድምሩ 120,000 ብር ይጠብቀዋል። 120,000 ለ4 ሲካፈል 30,000 ዳቦ ይመጣል፤ በቀን 1,000 ማለት ነው። ከዚያ በታች የሚሸጥ ዳቦ ቤት ይከስራል፣ ከዚያ በላይ የሚሸጥ ያተርፋል።

አሁን ዳቦ ቤቱ በቀን 800 ብቻ ይሸጣል እንበል። አንድ ሆቴል መጥቶ በየቀኑ 400 ዳቦ በ10 ብር ልውሰድ ይላል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እንደ ልማዱ ወጪውን ሁሉ ለዳቦው ብታካፍል፣ 120,000 ለ24,000 ዳቦ ሲደርስ 5 ብር፣ ከ8 ብሩ ጋር 13 ብር ይሆንባታል። 13 ብር የፈጀን ዳቦ በ10 ብር መሸጥ እብደት ይመስላል፤ ስለዚህ ሆቴሉን ትመልሰዋለች። ነገር ግን ሆቴሉ ቢመጣም ባይመጣም ኪራዩና ደመወዙ ያው ነው። የሆቴሉ ዳቦ አዲስ የሚያስወጣት 8 ብር ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ 2 ብር ይቀራታል። በወር 12,000 ዳቦ 24,000 ብር ያስገኛል፤ ይህም በ800 ዳቦ ስትሠራ የነበረባትን ኪሳራ በትክክል ይሸፍናል። አምስቱ ብር ማካፈል የፈጠረው ቁጥር ነው። ዳቦው በበዛ ቁጥር ያንሳል፤ በቀን 1,000 ቢሸጥ 4 ብር ይሆናል። የዱቄቱ 6 ብር ግን በመጀመሪያውም በሺኛውም ዳቦ ውስጥ 6 ብር ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው፣ “ሁሉም ደንበኛ በ10 ብር ልግዛ ቢለኝ ኪራዩን ማን ሊከፍልልኝ ነው?” ይላል። ሥጋቱ ትክክል ነው። የሰፈሩ ደንበኛ የሆቴሉን ዋጋ ሰምቶ እሱም በ10 ብር መግዛት ከጀመረ 24,000ው ዳቦ ሁለት ሁለት ብር ያጣል፤ 48,000 ብር ይጎድላል። ምድጃው ሞልቶ ከሆነም ስሌቱ ይለወጣል። በቀን 1,000 ብቻ የሚችል ምድጃ ለሆቴሉ 400 ሲያወጣ የሰፈሩን 200 ዳቦ ማስቀረት አለበት። ከሆቴሉ የሚገኘው 800 ብር፣ በሰፈሩ 200 ዳቦ በሚጠፋው 800 ብር ተውጦ ያልቃል። ስለዚህ ርካሽ ትእዛዝ የሚያዋጣው ምድጃው ትርፍ ቦታ ሲኖረውና ዋጋው ወደ ሌላው ደንበኛ ሳይዛመት ሲቀር ነው። ይህ ግን ኪራዩን በየዳቦው የማካፈል ልማድን ትክክል አያደርገውም።

ሌላው ተቃውሞ ኪራይም ይጨምራል የሚለው ነው። ይጨምራል፤ በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅም የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን አይመለከትም። ሆኖም ኪራይ ቋሚ የሚባለው ዋጋው ስለማይነቃነቅ ሳይሆን የዳቦውን ብዛት ስለማይከተል ነው። ሁለቱም በሩብ ቢጨምሩ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ኪራዩ 56,250 ብር ሲሆን ዳቦ ቤቱ ላለመክሰር በቀን 1,000 ይሸጥ የነበረው 1,094 ያህል መሸጥ ይኖርበታል፤ ከባድ ቢሆንም የሚደረስበት ነው። ዱቄቱ ከ6 ብር ወደ 7 ብር ከ50 ሲወጣ ግን ከእያንዳንዱ ዳቦ የሚተርፈው 2 ብር ከ50 ብቻ ይሆናል፤ በቀን 1,600 መሸጥ ያስፈልጋል። የዱቄት ጭማሪን በብዛት ማካካስ እንዲህ አዳጋች ስለሆነ ነው ዳቦ ቤቶች ዋጋ ለመጨመር ወይም ግራም ለመቀነስ የሚቸኩሉት። ኪራይ የሚያስፈራው ደግሞ ገበያ ሲወድቅ ነው። ሽያጩ በግማሽ ቢቀንስ 180,000 ብር የነበረው የወሩ ዱቄት በራሱ ወደ 90,000 ይወርዳል፤ 45,000ው ኪራይ ግን አምስት ሳንቲም አይቀንስም። ኬክ የሚሸጡ ቤቶች በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚቸገሩት በዚህ ነው፤ የእንቁላልና የቅቤው ወጪ ከገበያው ጋር ይቀንሳል፣ ቤቱ ግን አይጾምም።

እርግጥ ሁሉም ወጪ እንደ ኪራይ ወይም እንደ ዱቄት ጥርት ያለ አይደለም። ጋጋሪ በወር ሲከፈለው ቋሚ ነው፤ በጋገረው ኩንታል ሲከፈለው ከዱቄቱ ወገን ይሰለፋል። ማገዶውን በዳቦ ከፋፍዬ ባሰላውም፣ ምድጃ ለማሞቅ የሚገባው ለ200 ዳቦም ለ1,000ም ያው ነው። ዱቄትም ቢሆን የሚከተለው የተጋገረውን እንጂ የተሸጠውን አይደለም። 50 ዳቦ ሳይሸጥ ቢያድር 400 ብር ጠፍቷል፤ ያን ለመተካት ሌላ 100 ዳቦ መሸጥ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሚመጣው ሽያጩ በቀን 500 ላይ ሲወርድ ነው። ከዳቦው በወር 60,000 ብር ይተርፋል፤ ቋሚ ወጪው 120,000 ስለሆነ 60,000 ይከስራል። ልዝጋው የምትል ባለቤት፣ የኪራይ ውሉ ካላለቀና ሠራተኞቹን ካላሰናበተች፣ ዘግታም 120,000 ትከፍላለች፤ ከፍታ ብትሠራ ግን ኪሳራዋ ግማሹ ነው። ስለዚህ ውሉ እስኪያልቅ ከፍቶ መሥራቱ ይሻላል፣ ዳቦው 8 ብሩን አልፎ እስከተሸጠ ድረስ። የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ ቀድሞ ተከፍሎ ከሆነ ደግሞ ያ ገንዘብ መዝጋትም መክፈትም የማይመልሰው ስለሆነ በዛሬው ውሳኔ ውስጥ ቦታ የለውም። ውሉ ሲታደስ ግን ኪራዩ እንደገና በእጇ ያለ ምርጫ ይሆናል። ያን ጊዜ መመዘን ያለባት ከየዳቦው የሚተርፈው 4 ብር በመጪው ዓመት የቤቱንና የሠራተኛውን ወጪ ይሸፍን እንደሆነ ነው። በራሷ ቤት የምትሠራም ብትሆን ይህን ስሌት አታመልጥም፤ ቤቱን ብታከራየው ታገኝ የነበረውን ብር በየወሩ ለዳቦ ቤቱ እየከፈለችለት ነውና።