በሞባይል ጨዋታ ላይ ፒንግ ለምን ይዘላል?

ፒንግ ከስልኩ የተላከ መልእክት የጨዋታው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ ነው። ከፍ ያለ ፒንግ እንኳ ካልተለዋወጠ ተጫዋቹ ሊለምደው ይችላል። ጨዋታውን የሚያበላሸው ከ120 ተነስቶ በድንገት 700 የሚደርሰው ነው።

ችግሩ የዋይፋዩ ይሁን ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ለመለየት፣ በፒንግ መለኪያ አፕ መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ (ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1)፣ ቀጥሎም 8.8.8.8ን መለካት ይበቃል። ራውተሩ ራሱ የሚመልሰው አንዴ በ5፣ አንዴ በ200 ሚሊሰከንድ ከሆነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። መፍትሔው ወደ ራውተሩ መቅረብ ወይም ከ2.4 ወደ 5 ጊጋኸርዝ መቀየር ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ግን በግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይዳከማል።

ራውተሩ ፈጥኖ እየመለሰ የውጪው ብቻ ከዘለለ፣ መስመሩን የሞላው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ረጅም ቪዲዮ በቴሌግራም ሲልክ፣ የጨዋታው ትንንሽ መልእክቶች ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቪዲዮው ተልኮ ሲያልቅ ፒንጉ ከወረደ ምክንያቱ ይኸው ነው። ራውተሩ የፍጥነት ገደብ ማስቀመጫ ካለው፣ የመላኪያ ፍጥነቱ 2 ሜጋቢት በሆነ መስመር ገደቡን 1.7 ላይ ማድረግ ወረፋውን ያሳጥረዋል።

በሞባይል ዳታ ደግሞ ስልኩ በ3ጂና በ4ጂ መካከል ሲዋልል ፒንጉ ይዘላል። የ4ጂ ሲግናሉ ጠንካራ በሆነበት ቦታ መጫወት ይመረጣል።

ሰርቨሩ ሩቅ አገር ከሆነ ግን ርቀቱ የሚፈጥረውን መዘግየት የትኛውም ማስተካከያ አያስቀርም፤ ጨዋታው ምርጫ ከሰጠ ዝቅተኛ ፒንግ ያለውን ሰርቨር መምረጥ ይገባል።